ደባሎችና የቤት ኪራይ፦ ማን ምን ያህል ይክፈል?

በከተሞቻችን ተማሪውም፣ አዲስ ተቀጣሪውም፣ ሥራ ፍለጋ ከክፍለ ሀገር የመጣውም ቤት ሲከራይ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይችለውም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ በደባልነት ይከራያል። ከአከራዩ ጋር ያለው ጉዳይ በውል የታሰረ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅም የሚመለከተው በአከራይና በተከራይ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ደባሎቹ እርስ በርሳቸው ኪራዩን እንዴት እንደሚካፈሉ ግን ለራሳቸው የተተወ ነው። ክፍሎቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር፤ ለሦስት አካፍሎ መገላገል ነው። ነገሩ የሚከብደው አንዱ ክፍል ሰፊና የራሱ መታጠቢያ ቤት ያለው፣ ሌላው በረንዳ ያለው፣ ሦስተኛው ደግሞ አልጋና አንዲት ወንበር ብቻ የሚችል ሲሆን ነው።

ጥያቄው ተራ ቢመስልም የሒሳብና የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በቁም ነገር ሠርተውበታል፤ ያገኙትም መልስ በአንድ ወረቀትና በአንድ እርሳስ ሊሠራበት የሚችል ነው። መልሱን ለማየት አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንከተለው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ በወር 30,000 ብር የተከራዩ ሦስት ደባሎች አሉ እንበል። አንዱ መሐንዲስ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ነርስ ናቸው። ቤቱም ሰዎቹም ለማስረጃ ያህል የታሰቡ ናቸው፤ ቁጥሮቹም ለስሌት እንዲያመቹ ተመርጠዋል። ትልቁ ክፍል 16 ካሬ ሜትር ሲሆን 4 ካሬ ሜትር የሆነ የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው። ባለበረንዳው ክፍል 12 ካሬ ሜትር ነው። ትንሹ ክፍል 8 ካሬ ሜትር ሲሆን ከመንገዱ በተቃራኒ፣ በጓሮ በኩል ይገኛል። ሳሎኑ፣ ማዕድ ቤቱ፣ መተላለፊያውና የጋራው መታጠቢያ ቤት አንድ ላይ 40 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ቤቱ በጠቅላላ 80 ካሬ ሜትር ነው፤ ግማሹ የግል፣ ግማሹ የጋራ።

ሜትሩ የማይፈታው ጥያቄ

ለአብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ሜትር አውጥቶ መለካት ነው። መሐንዲሱም ይህንኑ ሐሳብ አቀረበ እንበል። ኪራዩ በግል ክፍሎቹ ስፋት ልክ ቢከፋፈል 30,000 ብር ለ40 ካሬ ሜትር ሲካፈል አንዱ ካሬ ሜትር 750 ብር ይሆናል። ትልቁ ክፍል ከነመታጠቢያ ቤቱ 15,000፣ ባለበረንዳው 9,000፣ ትንሹ 6,000 ብር ይከፍላሉ።

መምህሩ ግን እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፦ የምንከራየው መኝታ ክፍል ብቻ አይደለም፤ ሳሎኑንና ማዕድ ቤቱን ሦስታችንም እኩል እንጠቀምበታለን፤ ታዲያ ትልቁን ክፍል የያዘው ሰው ለሳሎኑም አብልጦ የሚከፍልበት ምክንያት ምንድን ነው? ክርክሩ ትክክል ነው። እንደ እርሱ አባባል ጠቅላላው ኪራይ ለ80 ካሬ ሜትር ይካፈላል፤ አንዱ ካሬ ሜትር 375 ብር ይሆናል። የጋራው 40 ካሬ ሜትር 15,000 ብር ስለሚያወጣ እያንዳንዳቸው 5,000 ብር ይከፍላሉ። በዚያ ላይ የግላቸው ሲጨመር ትልቁ ክፍል 12,500፣ ባለበረንዳው 9,500፣ ትንሹ 8,000 ብር ይሆናል።

ነርሱም ዝም አይልም። ትልቁን ክፍል የያዘው ሰው የራሱ መታጠቢያ ቤት ስላለው የጋራውን አይጠቀምም፤ ስለዚህ ከጋራው መታጠቢያ ቤት 4 ካሬ ሜትር ላይ መክፈል የለበትም፤ ሁለቱ ሌሎች ሊከፍሉት ይገባል። ይህም ተቆጥሮ ሲሠራ ትልቁ 12,000፣ ባለበረንዳው 9,750፣ ትንሹ 8,250 ብር ይሆናል።

እንግዲህ ቤቱ አንድ ነው፤ ሜትሩም አንድ ነው፤ ልኬቱ ላይ የሚከራከር የለም። ሆኖም ለትልቁ ክፍል ሦስት የተለያዩ ዋጋዎች አገኘን፤ በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በወር 3,000 ብር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከመለካት ስሕተት አይደለም፤ «የጋራ» የሚለውን ቃል እንዴት እንተርጉመው ከሚል ስምምነት ነው። ስምምነቱን ደግሞ ሜትር አይሰጥም።

ከዚህም የባሰ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ 4 ካሬ ሜትር ከመኝታው 4 ካሬ ሜትር ጋር በእኩል ዋጋ መታሰቡ ትክክል ነው? በሰዓቱ ሻወር ወስዶ ወደ ሥራ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የግል መታጠቢያ ቤት ከስፋቱ በላይ ዋጋ አለው። በሌላ በኩል ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ የውኃ ታንከር በሌለበት ቤት ያ መታጠቢያ ቤት የባልዲ ማስቀመጫ ነው። የበረንዳው ፀሐይ፣ የመንገዱ ጩኸት፣ የማዕድ ቤቱ ሽታ፣ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሳጥን መኖር አለመኖሩ ሁሉ በካሬ ሜትር አይገለጹም። አንዳንዶች ለእያንዳንዱ ነገር ነጥብ በመስጠት ሊፈቱት ይሞክራሉ፦ ለመታጠቢያ ቤት ሦስት ነጥብ፣ ለበረንዳ አንድ ነጥብ እያሉ። ነገር ግን ነጥቡን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ክርክሩ ተመልሶ ወደ መነሻው ይመጣል።

ቅናት የሌለበት ክፍፍል

ዳቦ የሚካፈሉ ሁለት ልጆች ያለ ሚዛንና ያለ ሜትር የሚግባቡበት ዘዴ አላቸው፤ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይመርጣል። ልጆቹ ዳቦው በእርግጥ እኩል መከፈሉን አላረጋገጡም። ያረጋገጡት ሌላ ነገር ነው፤ ማንኛቸውም የሌላውን ድርሻ ከራሱ አብልጦ አለመመኘቱን። የሒሳብ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ክፍፍል «ከቅናት ነጻ» ይሉታል።

ይህንን ወደ ኪራይ ስናመጣው ትርጉሙ እንዲህ ይሆናል። ሦስቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ዋጋ ተለጥፎባቸዋል፤ ዋጋዎቹ ሲደመሩ 30,000 ብር ይሞላሉ። እያንዳንዱ ደባል የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ የሚሻለውን ክፍል ይመርጣል። ሦስቱም የተለያየ ክፍል ከመረጡ ዋጋው ፍትሐዊ ነው። ሁለቱ አንዱን ክፍል ከመረጡ ያ ክፍል ረክሷል ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ክፍል ትክክለኛ ዋጋ የተሸሸገው በግድግዳው ውስጥ ሳይሆን አብረው በሚኖሩት ሰዎች ምርጫ ውስጥ ነው። ደባሎቹ ሲለወጡ ቤቱ ሳይለወጥ ዋጋው ይለወጣል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ሦስቱ ደባሎች በየግላቸው ወረቀት ይይዛሉ። እያንዳንዱ ጠቅላላውን 30,000 ብር ለሦስቱ ክፍሎች ያከፋፍላል። ሲያከፋፍል የሚጠይቀው ጥያቄ «በምን ያህል ዋጋ ቢሆን የትኛውም ክፍል ቢደርሰኝ ግድ የለኝም?» የሚል ነው። የአንዱ ወረቀት ድምር 30,000 ካልሞላ ወይም ካለፈ እንደገና ይሥራው። ወረቀቶቹ የሚገለጡት ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ነው። የተገኘው ግምት የሚከተለው ነው እንበል።

| | ትልቁ ክፍል | ባለበረንዳው | ትንሹ ክፍል |
|---|---|---|---|
| መሐንዲሱ | 15,000 | 8,000 | 7,000 |
| መምህሩ | 14,000 | 9,000 | 7,000 |
| ነርሱ | 12,000 | 9,000 | 9,000 |

ነርሱ ለትንሹ ክፍል ከሌሎቹ የበለጠ ግምት መስጠቱ ሊያስገርም አይገባም፤ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ቀን ይተኛል፤ ለእርሱ በጓሮ በኩል ያለው ጸጥታ ከስፋት ይበልጣል።

በዚህ ሠንጠረዥ ከላይ ያገኘናቸውን ዋጋዎች እንፈትናቸው። አንድ ደባል ከአንድ ክፍል የሚያገኘው ትርፍ ግምቱ ሲቀነስ ኪራዩ ነው። በመጀመሪያ ሁሉም 10,000 ብር ይክፈሉና ክፍሉን በዕጣ ይውሰዱ ብንል ምን ይሆናል? መሐንዲሱ ከትልቁ ክፍል 5,000፣ መምህሩ 4,000፣ ነርሱ 2,000 ብር ያተርፋሉ፤ ከሌሎቹ ክፍሎች ግን ሁሉም ይከስራሉ። ሦስቱም ትልቁን ይፈልጋሉ። ዕጣው ለአንዱ ይወጣል፤ ሁለቱ ዓመቱን ሙሉ ቅር ብሏቸው ይኖራሉ። ዕጣ አድልዎ የለበትም፤ ውጤቱ ግን ያዳላል።

መሐንዲሱ ባቀረበው 15,000፣ 9,000 እና 6,000 ብርስ? መሐንዲሱ ራሱ ከትልቁ ክፍል የሚያተርፈው ዜሮ ነው፤ ከትንሹ ግን 1,000 ብር። መምህሩም ከትንሹ 1,000፣ ነርሱም ከትንሹ 3,000 ብር ያተርፋሉ። አሁን ደግሞ ሦስቱም ወደ ትንሹ ክፍል ይሮጣሉ። በመምህሩ 12,500፣ 9,500 እና 8,000 ብር ነርሱ ትንሹን በደስታ ይወስዳል፤ መሐንዲሱና መምህሩ ግን ሁለቱም ትልቁን ይላሉ። የነርሱ ስሌትም በዚህ ረገድ ከመምህሩ አይለይም። በሜትር ከተሠሩት ሦስት ስሌቶች አንዱም ፈተናውን አላለፈም።

ማን የት ይግባ? ምን ያህልስ ይክፈል?

ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ማየት ይቻላል፤ የዘዴውም ውበት ይህ ነው። መጀመሪያ ማን የትኛውን ክፍል እንደሚወስድ ይወሰናል፤ ዋጋው ይከተላል።

ሦስት ሰዎችን በሦስት ክፍሎች ለመመደብ ስድስት መንገዶች ብቻ አሉ። በእያንዳንዱ ምደባ ሰዎቹ ለደረሳቸው ክፍል የሰጡት ግምት ይደመራል። መሐንዲሱ ትልቁን፣ መምህሩ ባለበረንዳውን፣ ነርሱ ትንሹን ቢይዙ ድምሩ 15,000 ሲደመር 9,000 ሲደመር 9,000፣ ማለትም 33,000 ብር ይሆናል። መምህሩ ትልቁን ወስዶ መሐንዲሱ ባለበረንዳውን ቢይዝ 31,000 ይሆናል። የቀሩትን አራቱን አንባቢው ራሱ ቢሞክር ከ33,000 የሚበልጥ አያገኝም። ከፍተኛውን ድምር የሚሰጠው ምደባ ይመረጣል።

ለምን ከፍተኛው? ቅናት የሌለበት ዋጋ አለ እንበል። በዚያ ዋጋ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ክፍል የሚያገኘው ትርፍ በሌላ በማንኛውም ክፍል ከሚያገኘው አያንስም። እነዚህን ሰዎች በሌላ በፈለግነው ምደባ ብናዘዋውራቸው የሁሉም ትርፍ ድምር አይጨምርም ማለት ነው። የትርፍ ድምር ደግሞ የግምቶች ድምር ሲቀነስ 30,000 ነው፤ ኪራዩ በማንኛውም ምደባ ያው 30,000 ስለሆነ ከሁለቱም ወገን ይጣፋል። የሚቀረው የግምቶች ድምር ብቻ ነው፤ እርሱም በተመረጠው ምደባ ከሁሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። ስለዚህ ከፍተኛውን ድምር የማይሰጥ ምደባ ምንም ዓይነት ዋጋ ቢለጠፍበት ቅናት አያጣም።

አሁን ወደ ዋጋው። የግምቶቹ ድምር 33,000፣ ኪራዩ 30,000 ነው፤ 3,000 ብር ተራርፏል። ይህ ትርፍ የተገኘው ሰዎቹ የተለያየ ፍላጎት ስላላቸው ነው፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ግምት ቢጽፉ ኖሮ ምንም ባልተረፈ ነበር። ትርፉን ለሦስት እኩል ካካፈልነው ለእያንዳንዱ 1,000 ብር ይደርሳል። እያንዳንዱ ለደረሰው ክፍል ከጻፈው ግምት 1,000 ብር ሲቀነስለት መሐንዲሱ 14,000፣ መምህሩ 8,000፣ ነርሱ 8,000 ብር ይከፍላሉ። ድምሩ 30,000 ነው።

ይህን ዋጋ እንፈትነው። መሐንዲሱ ከትልቁ 1,000 ያተርፋል፤ ከባለበረንዳው ዜሮ፣ ከትንሹ 1,000 ኪሳራ። መምህሩ ከባለበረንዳው 1,000 ያተርፋል፤ ከትልቁ ዜሮ፣ ከትንሹ 1,000 ኪሳራ። ነርሱ ከትንሹ 1,000 ያተርፋል፤ ከባለበረንዳውም እንዲሁ 1,000፤ ከትልቁ 2,000 ይከስራል። ማንም የማንንም አይመኝም። የ12 ካሬ ሜትሩና የ8 ካሬ ሜትሩ ክፍሎች እኩል 8,000 ብር ማውጣታቸውን ውጪ ያለ ሰው ቢሰማ «ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» ይል ይሆናል፤ ነገር ግን የሚኖርበት እርሱ አይደለም።

በዚህ ላይ ለፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። የማንም ሰው ምርጫ የሚወሰነው በክፍሎቹ ዋጋ ልዩነት ብቻ ነው። ሁሉም ዋጋዎች በ500 ብር ቢጨምሩ ማንም ምርጫውን አይለውጥም፤ በኤሌክትሪክ ወረዳ ውስጥ ጅረትን የሚያንቀሳቅሰው የቮልቴጅ ልዩነት እንጂ ቮልቴጁ ራሱ እንዳልሆነ ማለት ነው። የደባሎቹ ግምት ልዩነቶቹን ይወስናል፤ ከፍታውን የሚወስነው የአከራዩ 30,000 ብር ነው። ስለዚህ አከራዩ ኪራይ ሲጨምር፣ የሰዎቹ ምርጫ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ጭማሪውን ለሦስት እኩል ማካፈል ቅናት አያስነሣም። ጭማሪውን በየድርሻው መቶኛ ማካፈል ግን ልዩነቶቹን ስለሚያሰፋ ሊያስነሣ ይችላል።

እኩል ማካፈል ሳይበቃ ሲቀር

ከላይ ያየነው በቀላሉ የሠመረው በአንድ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የደረሰው ከሁሉ ከፍተኛውን ግምት ለሰጠው ሰው ነበር፤ ለባለበረንዳው መምህሩና ነርሱ እኩል 9,000 ጽፈዋል፤ ከ9,000 በላይ የጻፈ ግን የለም። ይህ ሲሆን ትርፉን እኩል ማካፈል ሁልጊዜ ከቅናት ነጻ ነው። አንድ ሰው በሁለት ክፍሎች ከሁሉ በላይ የጻፈ እንደሆነ ግን ነገሩ ይበላሻል።

መሐንዲሱ በረንዳው ላይ ማታ ማታ ቁጭ ማለት አማረውና ግምቱን ለትልቁ 16,000፣ ለባለበረንዳው 10,000፣ ለትንሹ 4,000 ብሎ ጻፈ እንበል። የሌሎቹ እንዳለ ነው። ከፍተኛው ምደባ አልተለወጠም፤ ድምሩ ግን 34,000 ሆነ፤ ትርፉም 4,000። እኩል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 1,333 ብር ገደማ ይደርሳል፤ ዋጋውም ለትልቁ 14,667፣ ለሌሎቹ ሁለቱ ለእያንዳንዳቸው 7,667 ይሆናል። መሐንዲሱ ከራሱ ክፍል 1,333 ያተርፋል፤ ባለበረንዳውን ቢይዝ ግን 10,000 ሲቀነስ 7,667፣ ማለትም 2,333 ባተረፈ ነበር። በመምህሩ ክፍል ቀንቷል።

መፍትሔው ትርፉን እኩል ማድረግ መተውና የቅናት ሁኔታዎቹን አስቀድሞ መጠበቅ ነው። መሐንዲሱ እንዳይቀና ትርፉ ከመምህሩ ትርፍ ቢያንስ በ1,000 ብር መብለጥ አለበት፤ ምክንያቱም ለባለበረንዳው ከመምህሩ በ1,000 ብር አብልጦ ጽፏል። ነርሱም እንደ መምህሩ ለባለበረንዳው 9,000 ስለ ጻፈ ትርፉ ከመምህሩ ማነስ የለበትም። እነዚህን ጠብቀን ከሁሉ ያነሰ ትርፍ ያለው ሰው የሚያገኘውን በተቻለ መጠን ከፍ ስናደርግ መሐንዲሱ 2,000፣ መምህሩ 1,000፣ ነርሱ 1,000 ብር ያተርፋሉ። ዋጋው ተመልሶ 14,000፣ 8,000 እና 8,000 ሆነ። ቀሪዎቹን ንጽጽሮች አንባቢው ቢያመሳክር ማንም የሚቀና አያገኝም።

«ከሁሉ ያነሰውን ትርፍ ከፍ ማድረግ» የሚለው ደንብ የኔ ፈጠራ አይደለም። ቅናት የሌለባቸው ዋጋዎች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ስለሆኑ ከመካከላቸው የትኛው ይመረጥ የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ነው። ያኮቭ ጋል፣ ሞሼ ማሽ፣ አሪኤል ፕሮካቺያና ያኢር ዚክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረቡት ጥናት ይህን ደንብ መርጠዋል፤ ፕሮካቺያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የኪራይ ማከፋፈያ ድረ ገጽ ካቋቋሙት አንዱ ነው።

ቢዋሹስ?

ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ወዲያው የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። መልሱም ሐቀኛ መሆን አለበት፤ ዘዴው ውሸትን አይከላከልም። ወደ መጀመሪያው ሠንጠረዥ እንመለስ። መሐንዲሱ የሌሎቹን ወረቀት አስቀድሞ ቢያይ ለትልቁ 15,000 መስጠቱን ደብቆ 14,400 ብሎ ልዩነቱን ለሌሎቹ ክፍሎች በእኩል ሊያከፋፍል ይችላል። ትርፉ 2,400፣ የእያንዳንዱም ድርሻ 800 ብር ይሆናል፤ ኪራዩም ወደ 13,600 ይወርዳል። በወር 400 ብር ቆጠበ።

ግን የሌሎቹን ወረቀት ካላየ? ብልጥ የሆነ መስሎት ለትልቁ 13,000፣ ለባለበረንዳው 9,000፣ ለትንሹ 8,000 ጻፈ እንበል። አሁን ከፍተኛው ምደባ ትልቁን ክፍል ለመምህሩ ይሰጣል፤ ድምሩ 32,000፣ የእያንዳንዱ ትርፍ 667 ብር ገደማ ነው። መሐንዲሱ ባለበረንዳው ክፍል ደረሰው፤ የሚከፍለውም 8,333 ብር። የልቡ ግምት ግን 8,000 ስለነበር 333 ብር ከስሯል፤ ትልቁ ክፍል በ13,333 ብር በመምህሩ እጅ ሲገባ ያያል፤ ለእርሱ ቢሆን 1,667 ብር ያተርፍበት ነበር። ለዚህ ነው ወረቀቶቹ በአንድ ጊዜ መገለጥ ያለባቸው። በየተራ ጮክ ብሎ መናገር ለመጨረሻው ተናጋሪ አድልዎ ማድረግ ነው።

ሌላው ገደብ የኪስ ጉዳይ ነው። ለአንድ ክፍል የሚጻፈው ግምት ሰውየው በእርግጥ ሊከፍለው የሚችለው መሆን አለበት። ከወር ደመወዙ ለኪራይ ከ9,000 ብር በላይ ማውጣት የማይችል መምህር ለትልቁ 14,000 ብሎ ከጻፈ፣ ክፍሉ ከደረሰው መክፈል አይችልም። ዘዴው ቅናትን ያጠፋል እንጂ የገቢ ልዩነትን አያጠፋም።

ሁልጊዜ መልስ አለ ወይ?

ብዙ ሰው ግምቱን በብር መግለጽ ይከብደዋል። «በዚህ ዋጋ የትኛውን ትመርጣለህ?» ቢባል ግን ማንም ይመልሳል። እንዲህ ካለው ምርጫ ብቻ ተነሥቶ ቅናት የሌለበት ዋጋ መኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል? ፍራንሲስ ሱ የተባለ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 «አሜሪካን ማቲማቲካል መንዝሊ» በተባለው መጽሔት ይቻላል ብሎ አሳይቷል። የተጠቀመበትም መሣሪያ ጀርመናዊው ኢማኑኤል ስፐርነር እ.ኤ.አ. በ1928 ያረጋገጠው አንድ ቀላል የትሪያንግል ንድፈ ሐሳብ ነው።

አንድ ትልቅ ትሪያንግል እንሣል። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ የኪራይ ክፍፍል ይወክላል። በማእዘኖቹ ላይ አንዱ ክፍል ሙሉውን 30,000 ይከፍላል፤ ሁለቱ ነጻ ናቸው። በእያንዳንዱ ጎን ላይ አንድ ክፍል ነጻ ነው፤ ሁለቱ ኪራዩን ይካፈላሉ። ትሪያንግሉን በጣም ትናንሽ ትሪያንግሎች አድርገን እንከፋፍለው፤ በአጠገብ ለአጠገብ ነጥቦች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለምሳሌ 10 ብር ይሁን። የነጥቦቹን ባለቤትነት ለመሐንዲሱ፣ ለመምህሩና ለነርሱ እናድላቸው፤ እያንዳንዱ ትንሽ ትሪያንግል ሦስቱም ባለቤቶች እንዲኖሩት አድርገን። በየነጥቡ ባለቤቱን «በዚህ ዋጋ የትኛውን ክፍል ትመርጣለህ?» ብለን እንጠይቅና የመለሰውን ክፍል ቁጥር እንጻፍ፦ 1፣ 2 ወይም 3።

አሁን አንድ ነገር እንገምት፤ ማንም ሰው ነጻ ክፍል እያለ የሚከፈልበትን አይመርጥም። ይህ ከሆነ አንደኛው ክፍል ነጻ በሆነበት ጎን ላይ ያለው መልስ ሁሉ 1 ነው፤ በሌሎቹም ጎኖች እንዲሁ 2 እና 3። በማእዘን ላይ ከሚገናኙት ሁለት ጎኖች የአንዱ ቁጥር ይጻፋል።

ትሪያንግሉን እንደ አንድ ቤት እንየው፤ ትናንሾቹ ትሪያንግሎች ክፍሎቹ ናቸው። በአንድ ጫፍ 1፣ በሌላው ጫፍ 2 የተጻፈበት መስመር ሁሉ በር ነው እንበል፤ ሌላው ግድግዳ ነው። ከውጭ የሚያስገባ በር ስንት ነው? የ1 ጎንና የ2 ጎን በሚገናኙበት ማእዘን አጠገብ አንድ ብቻ። በዚያ እንግባ። የገባንበት ክፍል ሦስተኛ ጫፍ 3 ከሆነ ሌላ በር የለውም፤ እዚያው እንቀራለን። 1 ወይም 2 ከሆነ ግን በትክክል አንድ ሌላ በር አለው፤ በዚያ ወጥተን ወደሚቀጥለው እንገባለን። ከሁለት በላይ በር ያለው ክፍል ስለሌለ ወደ ነበርንበት ልንመለስ አንችልም። የውጭው በር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱንም ስንገባ ስለተጠቀምንበት፣ ወደ ውጭ ልንወጣም አንችልም። ክፍሎቹ ደግሞ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ጉዞው 1፣ 2 እና 3 በተጻፈበት ትንሽ ትሪያንግል ውስጥ ማብቃቱ የግድ ነው። በዚያ ትሪያንግል ሦስቱ ደባሎች ከ10 ብር በማይበልጥ የዋጋ ልዩነት ሦስት የተለያዩ ክፍሎችን መርጠዋል። ክፍፍሉን እያጠበብን ብንሄድ ልዩነቱ የፈለግነውን ያህል ያንሳል።

ይህ ማረጋገጫ ሥራም ላይ ሊውል ይችላል። ትሪያንግሉን ሙሉ በሙሉ መሙላት አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያው በር ተነሥቶ በመንገዱ ላይ ላሉት ነጥቦች ብቻ ባለቤቶቹን እየጠየቁ መሄድ ነው። በ1,000 ብር ልዩነት ጀምሮ ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ሻካራ መልስ ይሰጣል፤ አብዛኞቹ ደባሎችም ከዚያ የበለጠ ማጥራት አይፈልጉም።

ግምቱ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። ከጄኔሬተሩ አጠገብ ያለውን ወይም መስኮት የሌለውን ክፍል በነጻ ቢሰጡትም እንኳ ማንም የማይመርጠው ከሆነ «ነጻው ክፍል ይመረጣል» የሚለው ሐሳብ ይፈርሳል፤ በስሌቱም ለዚያ ክፍል ከዜሮ በታች ዋጋ ሊወጣለት፣ ማለትም ሌሎቹ ደባሎች ለሚተኛበት ሰው ገንዘብ መክፈል ሊኖርባቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ ስሌቱ አልተሳሳተም፤ ክፍሉ መኝታ አለመሆኑን እየተናገረ ነው። ያን ጊዜ ክፍሉን ዕቃ ቤት ማድረግና ወይ በሁለት ሰው መኖር፣ ወይ ሌላ ቤት መፈለግ ነው።